ወረቀቱ በእንግሊዝኛ፣ ንባቡ በአማርኛ

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ ፋብሪካ የሰው ሀብት ክፍል ነው የምሠራው። ኃላፊዎቹ የውጭ ዜጎች ናቸው። አዲስ ሠራተኛ በገባ ቁጥር የእንግሊዝኛውን የሥራ ውል ያስይዙኝና «በአማርኛ አንብቢላቸው» ይሉኛል። እንግሊዝኛው ይገባኛል፤ ዓረፍተ ነገሩ መሃል ስደርስ ግን አማርኛው ይጠፋብኛል፣ የጀመርኩትን ትቼ እንደገና እጀምራለሁ። ቀንና ሰዓት ላይማ አይጣል ነው። በቀደም አንዷን ልጅ የፈረቃዋን ሰዓት አሳስቼ ነግሬያት እኩለ ቀን ላይ መጣች፤ ለካ ከማለዳው 12 ሰዓት ነበር መግባት የነበረባት። እባካችሁ መላ በሉኝ። (ከጠባሴ)

መልስ፦ እህታችን፣ አማርኛው መሃል ላይ የሚጠፋብሽ ቋንቋ አንሶሽ አይደለም። ሁለቱ ቋንቋዎች ማሰሪያ ግሱን የሚያስቀምጡት በተለያየ ቦታ ነው። እንግሊዝኛ ማን ምን እንደሚያደርግ ገና ከመነሻው ይናገርና መቼ፣ በምን ሁኔታ፣ ከምን በስተቀር የሚለውን ከኋላ እያስከተለ ይሄዳል። አማርኛ ሁኔታውን ሁሉ አስቀድሞ ይደረድርና ማሰሪያውን መጨረሻ ላይ ያመጣል። አፍሽ ዓይንሽን ቃል በቃል ከተከተለ «አሠሪው» ብለሽ ትጀምሪያለሽ፤ ቀጥሎ የመጣልሽ «ማቋረጥ ይችላል» የሚለው ነው፤ እሱን ተናግረሽ ስትጨርሺ ደግሞ ገና ሦስት ሁኔታዎች ተሰልፈው ይጠብቁሻል። ያን ጊዜ ነው አፍርሰሽ እንደገና የምትጀምሪው።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚሠለጥነው ዓይን ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ከመጀመርሽ በፊት ዓይንሽ ሁለት ጉዞ ያድርግ። መጀመሪያ በቀጥታ ወደ ነጥቡ ሄዶ ዓረፍተ ነገሩ የት እንደሚያልቅ ይይ። ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሶ ግሱንና የግሱን ባለቤት ይፈልግ፤ በመንገዱ ላይ «ካልሆነ በስተቀር» የሚል ነገር ካለም ይያዝ። ይህ ሁለትና ሦስት ሴኮንድ ይወስዳል። ለአንቺ ረጅም ዝምታ መስሎ ይሰማሻል፤ ቆሞ ለሚሰማው ሠራተኛ ግን አንባቢ ትንፋሽ እንደሰበሰበ እንጂ ሌላ አይመስለውም። ሰሚን የሚያደክመው መሃል ላይ መቆምና መመለስ ነው። በዓረፍተ ነገሮች መካከል ዝም ብትይ ማንም አይቆጥርብሽም።

ይህን እያነበብሽ ሳለ ብቻ ማድረግ ይከብዳል፤ ስለዚህ ወረቀቱን ቀድመሽ እንዲሰጡሽ ጠይቂ። ለአንድ ገጽ አምስት ደቂቃ ይበቃል። ዋናውን ውል ሳይሆን ኮፒውን ያዢና በእርሳስ አራት ዓይነት ምልክት አድርጊበት። በየዓረፍተ ነገሩ ዋናውን ግስ አክብቢው። ረጅሙን ዓረፍተ ነገር ልትከፍይ በምትችይበት ቦታ ላይ ሰያፍ መስመር አስምሪ። «ኖት»፣ «አንለስ»፣ «ኤክሴፕት»፣ «ፕሮቫይድድ ዛት» የሚሉትን ከሥራቸው ሁለት ጊዜ አስምሪባቸው። ቁጥርን፣ ቀንን፣ ሰዓትን ሁሉ በሳጥን አጥሪና የአማርኛውን ልክ ከጎኑ በአኃዝ ጻፊው። ሌላ ምልክት አትጨምሪ። የአማርኛውን ትርጉም በመስመሮቹ መካከል ጽፌ ልያዝ ያልሽ እንደሆነ ሁለት ጽሑፍ በአንድ ጊዜ ልታነቢ ነውና ዓይንሽ ይደናገራል።

አንድ አንቀጽ አብረን እንሥራ። በእንዲህ ያሉ ውሎች ውስጥ የተለመደ ዓይነት ነው፤ እንግሊዝኛው በሚሄድበት ቅደም ተከተል ቁርጥራጩን ስናስቀምጠው ይህን ይመስላል፦

«አሠሪው ይችላል / በሙከራ ጊዜው ወቅት / ጊዜው ሥራ ከተጀመረበት ቀን አንስቶ ከ60 የሥራ ቀናት የማይበልጥ / ማቋረጥ ይህን ውል / ያለ ማስጠንቀቂያ / ሠራተኛው ለሥራው ብቁ ሆኖ ካልተገኘ።»

ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ልገላግለው ካልሽ የሚወጣው ይህ ነው፦ «አሠሪው ሠራተኛው ለሥራው ብቁ ሆኖ ካልተገኘ ሥራ ከተጀመረበት ቀን አንስቶ ከ60 የሥራ ቀናት በማይበልጠው የሙከራ ጊዜ ውስጥ ይህን ውል ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያቋርጥ ይችላል።» ስሕተት የለበትም፤ ወረቀት ላይ ቢሆን ያልፋል። በጆሮ ለሚሰማ ሰው ግን «አሠሪው ሠራተኛው» ሲባል ማን ማንን እንደሆነ እስከ መጨረሻው አይታወቀውም፤ «ሊያቋርጥ ይችላል» ሲመጣ መነሻው ተረስቷል።

ሰያፉን መስመር «በሙከራ ጊዜው ወቅት» ከሚለው በኋላ አድርጊና ክፈይው፦ «የሙከራ ጊዜ አለ። ይህ ጊዜ ሥራ ከተጀመረበት ቀን አንስቶ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሠራተኛው ለሥራው ብቁ ሆኖ ካልተገኘ አሠሪው ይህን ውል ያለ ማስጠንቀቂያ ማቋረጥ ይችላል።» ሦስት ዓረፍተ ነገር ሆነ፤ የተጨመረም የተቀነሰም ነገር የለም። ልብ በይ፣ «ብቁ ሆኖ ካልተገኘ» የሚለውን ለብቻው አላቆምነውም። ስለ አንድ ነገር ማብራሪያ የሚሰጠውን ሐረግ አውጥተሽ ራሱን የቻለ ዓረፍተ ነገር ልታደርጊው ትችያለሽ። ሁኔታንና ማሰሪያውን ግን አትለያዪ፤ ሁለቱ በአንድ ትንፋሽ ካልተነገሩ ሰሚው «ያለ ማስጠንቀቂያ ያሰናብቱናል» የሚለውን ብቻ ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

በዚህ በአንዱ አንቀጽ ብቻ ሦስት ነገር ሊወድቅ ይችላል። የመጀመሪያው «የሥራ» የምትለዋ ቃል ናት። 60 የሥራ ቀን በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ ሰው ድፍን 10 ሳምንት ነው። «60 ቀን» ብቻ ካልሽ 8 ሳምንት ከ4 ቀን ይሆናል፤ ሠራተኛው ሙከራዬን ጨርሻለሁ ብሎ ልቡን በሚያሳርፍበት ጊዜ በወረቀቱ መሠረት ገና አልጨረሰም። ሁለተኛው «አይበልጥም» የሚለው ነው። ሲቸኩሉ «የሙከራ ጊዜው 60 ቀን ነው» ይባላል፤ ወረቀቱ ግን ጣሪያውን ነው የተናገረው፣ ከዚያ ሊያንስም ይችላል። ሦስተኛው «ይችላል» ነው። «ያቋርጣል» ካልሽ አሠሪው የተሰጠውን መብት ወደ ማይቀር ነገር ለወጥሽው።

እንዲህ ያሉ ትንንሽ ቃላት ከባዶቹ ይበልጣሉ። ከባዱን የሕግ ቃል ካላወቅሽው ትቆሚያለሽ፣ ትጠይቂያለሽ። «ሜይ»ና «ሻል» ግን የታወቁ ስለሚመስሉ ዝም ብለው ያልፋሉ። «ሜይ» ሲሆን «ይችላል»፣ «ሻል» ሲሆን ግዴታ ነውና «አለበት» ወይም እንደ ሕጉ አጻጻፍ «ይከፍላል፣ ያሳውቃል» በይ። ከሁሉም የሚከፋው «ሜይ ኖት» ነው። ክልከላ ነው፤ «አይችልም» ማለት ነው። «ላያደርግ ይችላል» ብለሽ ካነበብሽው የተከለከለው ነገር የተፈቀደ ሆነ። «ከ30 ቀን ያላነሰ» እና «ከ30 ቀን ያልበለጠ» የሚሉትም በችኮላ አፍ ውስጥ ይምታታሉ፤ እዚያ ላይ ስትደርሺ ፍጥነትሽን ቀንሺ።

አሁን ወደ «ካልሆነ በስተቀር» እንሂድ። እንግሊዝኛ ይህን ጭራ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ዓይንሽ ነጥቡ ድረስ ቀድሞ ካልሄደ አታገኚውም። ለምሳሌ፦ «ሠራተኛው ፈረቃው ሳያልቅ ከሥራ ቦታ መውጣት አይችልም / ተቆጣጣሪው በጽሑፍ ካልፈቀደ / ወይም ለጤና አስጊ የሆነ ድንገተኛ ነገር ካልደረሰ በስተቀር።» ቀድመሽ ካየሽው ሁኔታዎቹን ወደ ፊት አምጥተሽ በ«አይችልም» ትዘጊዋለሽ። ሳታዪው ቀርተሽ «አይችልም» ብለሽ ከዘጋሽው ግን አትደንግጪ፣ አታፍርሺውም። እንዲህ ብለሽ ቀጥዪ፦ «ይህ የማይሠራው በሁለት ሁኔታ ነው፤ ተቆጣጣሪው በጽሑፍ ከፈቀደ፣ ወይም ለጤና አስጊ የሆነ ድንገተኛ ነገር ከደረሰ።» «ካልፈቀደ» የነበረው «ከፈቀደ» እንደሆነ አስተውይ፤ ይህ መውጫ የሚሠራው አሉታውን ስትገለብጪው ነው። ሳትገለብጪ «ይህ የማይሠራው ካልፈቀደ ነው» ካልሽ ነገሩ ተቃራኒው ሆኖ ያርፋል። እንደውም ሁኔታዎቹ ሁለትና ከዚያ በላይ ከሆኑ አስበሽበትም ቢሆን ይህኛውን መንገድ ብትመርጪ እንመክራለን፤ «ካልፈቀደ ወይም ካልደረሰ በስተቀር አይችልም» የሚል ሦስት አሉታ የተደራረበበት አነጋገር ለጆሮ ይከብዳል። ጭራ ላይ የመጣው «ካልሆነ በስተቀር» ሳይሆን «ከሆነ» የሚል ሁኔታ ሲሆን ደግሞ «ይህ የሚሆነው ግን እንዲህ ሲሆን ብቻ ነው» የሚለውን ያዢ። እነዚህን ሁለት መውጫዎች አፍሽ እስኪለምዳቸው ድረስ ደጋግመሽ በያቸው፤ ብዙውን መቆምና መመለስ ያስቀሩልሻል።

ያቺ ልጅ እኩለ ቀን የመጣችው 6:00 የሚለውን አኃዝ እንዳለ ስላነበብሽው ነው። ሰዓትን እያነበብሽ በአፍሽ ላይ አትለውጪ። ስድስት መቀነስና መደመር ቀላል ሒሳብ ነው፤ ግን ዓይንሽ ግስ እየፈለገ፣ አፍሽ የቀደመውን ዓረፍተ ነገር እየጨረሰ ሳለ ለሒሳብ የሚተርፍ አእምሮ የለም። አኃዙ ፊትሽ ተጽፎ ስላለ አፍሽ እሱኑ ይጠራል። ስለዚህ በአምስቱ ደቂቃ ውስጥ በሳጥኑ ጎን ጻፊው። ሦስት ፈረቃ ባለበት ፋብሪካ የተለመዱት እነዚህ ናቸው፦ ከ6 ኤኤም እስከ 2 ፒኤም የሚለው ከማለዳው 12 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ነው፤ ከ2 ፒኤም እስከ 10 ፒኤም የሚለው ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ነው፤ ከ10 ፒኤም እስከ 6 ኤኤም የሚለው ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ማለዳው 12 ሰዓት ነው። «ማለዳ፣ ቀን፣ ምሽት» የሚለውን ሳትጨምሪ ቁጥሩን ብቻ አትጥሪ፤ «12 ሰዓት» ብቻ ከተባለ ማታ ላይ የሚመጣ ሰው አይጠፋም።

የሌሊቱ ሰዓት ሌላ ወጥመድ አለው። ወረቀቱ «ማክሰኞ 2 ኤኤም» ካለ ቀኑ ለፈረንጅ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ማክሰኞ ሆኗል፤ ለሰሚዎችሽ ግን ገና የሰኞ ሌሊት ነው። «ማክሰኞ ሌሊት 8 ሰዓት» ብትያቸው ብዙዎቹ የሚመጡት አንድ ቀን ዘግይተው ነው። «ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት» በይ፤ ይህን ማንም አይስተውም።

ቀንም እንደዚሁ በእርሳስ አስቀድሞ ይመለስ። ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ቀንሶ የፈረንጁን ወር ስም ማቆየት ትርጉም አይባልም። ሴፕቴምበር 1 ቀን 2025 ነሐሴ 26 ቀን 2017 ነው፤ በዚያው ወር ሴፕቴምበር 15 ደግሞ መስከረም 5 ቀን 2018 ነው። ስታነቢ ሁለቱንም ጥሪ፤ «በፈረንጆች ሴፕቴምበር 15 ቀን 2025፣ በእኛ መስከረም 5 ቀን 2018» ብትዪ ሠራተኛው የገባውን ይይዛል፣ ወረቀቱም ከንባብሽ ጋር ይገጥማል። መለወጫ ጊዜ ከሌለሽ የወረቀቱን ቀን እንዳለ አንብበሽ «በፈረንጆች አቆጣጠር» በይና እለፊ፤ በግምት የተለወጠ ቀን ካልተለወጠው ይብሳል።

ወሩ በቁጥር ከተጻፈ ግን ከማንበብሽ በፊት ጠይቂ። 07/10/2025 ቀኑን በሚያስቀድም ሰው እጅ ኦክቶበር 7 ነው፤ መስከረም 27 ቀን 2018 ማለት ነው። ወሩን በሚያስቀድም ሰው እጅ ጁላይ 10 ነው፤ ያ ደግሞ ሐምሌ 3 ቀን 2017 ነው። በመካከላቸው ሦስት ወር ሊሞላ ምንም ያህል አይቀረውም። ፋብሪካሽ ውስጥ ከተለያየ አገር የመጡ ኃላፊዎች ካሉ ትናንት በአንድ መንገድ የተጻፈው ዛሬ በሌላ መንገድ ሊጻፍ ይችላል።

ገንዘብ ላይ አንድ ነገር ብቻ እንበልሽ። የትርፍ ሰዓት ክፍያን «አንድ እጥፍ ተኩል» ብለሽ አታንብቢ። እጥፍ ሲባል ሁለት ጊዜ የሚገባው ብዙ ነውና ጭቅጭቅ ያመጣል። «መደበኛው የሰዓት ክፍያ በ1 ነጥብ 5 ተባዝቶ» በይው፤ ሒሳቡን ማንም ሊሠራው ይችላል።

ስትስቺ ወዲያው አርሚ። «አርማለሁ» በይና ዓረፍተ ነገሩን ሙሉውን ድገሚው። የተሳሳተውን ቃል ብቻ «አይ፣ ምሽት ሳይሆን ማለዳ» ብለሽ ከለጠፍሽው ሰሚው የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚሄድ አያውቅም። ስሕተቱን ያወቅሽው ሁለት አንቀጽ ካለፍሽ በኋላ ቢሆንም ያው ነው፤ «አንቀጽ 4 ላይ ያነበብኩትን አርማለሁ» ብለሽ የአንቀጹን ቁጥር ጠርተሽ ተመለሺ። ትርጉሙን ያላረጋገጥሽው ቃል ሲገጥምሽ ደግሞ በሚመስለው አታልፊው። «እዚህ ላይ ኃላፊውን የምጠይቀው ቃል አለ» በይ፣ ጠይቂ፣ ቀጥዪ። እንዲህ ያለ ቃል በቅድመ ንባቡ ጊዜ ቢያዝ ይመረጣል እንጂ በሰው ፊትም ቢሆን መጠየቅ ነውር የለውም።

በተለይ «ማስጠንቀቂያ» ላይ ተጠንቀቂ። ውል የሚቋረጥበትን ቀን አስቀድሞ ማሳወቅም፣ አጥፍተሃል ብሎ መገሠጽም በአማርኛ ማስጠንቀቂያ ይባላሉ፤ በእንግሊዝኛ ግን ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው፣ «ኖቲስ» እና «ዋርኒንግ»። የመጀመሪያውን «ውል የማቋረጫ ማስጠንቀቂያ»፣ ሁለተኛውን «የዲሲፕሊን ማስጠንቀቂያ» ብለሽ ለይተሽ ያዢና ከአንደኛው ገጽ እስከ መጨረሻው አትለዋውጪ። አንድን ነገር በአንድ ገጽ «ካሳ»፣ በሌላ ገጽ «የስንብት ክፍያ» ካልሽው ሠራተኛው ሁለት ክፍያ ያለ ይመስለዋል።

«ሠራተኛው» የሚለውን «እናንተ» አድርገሽ አታንብቢ። ለሰሚው የቀረበ ይመስላል፤ ነገር ግን «ትሰናበታላችሁ»፣ «ይቆረጥባችኋል» እያልሽ በሄድሽ ቁጥር የአሠሪው አፍ ትሆኛለሽ። ወረቀቱ በሦስተኛ ሰው ከተናገረ አንቺም በሦስተኛ ሰው ተናገሪ። ለአንድ ሰው በስሙ የተጻፈ ደብዳቤ ሲሆን ግን እንግሊዝኛው ዕድሜና ፆታ አይለይም፤ ከፊትሽ ያለችው እናት ከሆኑ «እርስዎ» ብለሽ አንብቢ፣ ይህ በወረቀቱ ላይ መጨመር አይደለም።

አንብበሽ ስትጨርሺ አንዷ ጠጋ ብላ «እታለም፣ ልፈርም እንዴ? ካመመኝም ያባርሩኛል ማለት ነው?» ትልሻለች። መልሱን ብታውቂውም አንቺ አትመልሺው። «እኔ ያነበብኩልሽ ወረቀቱ የሚለውን ነው፤ ይህን ጥያቄሽን ለኃላፊው ልንገርልሽ» በይና እንዳለ አስተላልፊው፤ የእሱንም መልስ እንዳለ መልሺላት። አንዴ ማብራራት ከጀመርሽ የትኛው የወረቀቱ ቃል፣ የትኛው የአንቺ እንደሆነ መለያው ይጠፋል፤ ኋላ ክርክር ሲነሣም የሚጠሩት አንቺን ነው። ከመጀመርሽ በፊትም «አማርኛው ለሁላችሁም ይቀላል ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። በሸኖ በኩል ከሚመጡት መካከል አፍ የፈቱበት ኦሮምኛ የሆነ አሉ፤ «አዎ» ብሎ ራሱን የነቀነቀ ሁሉ የሕግ አንቀጽ በአማርኛ ይከተላል ማለት አይደለም። ለእነሱ በኦሮምኛ የሚያነብ ሰው ከእንግሊዝኛው ይተርጉም እንጂ ከአንቺ አማርኛ ላይ አይተርጉም፤ ያንቺ ስሕተት በእሱ ስሕተት ላይ ይደረባልና።

ቦታውንም ምረጪ። ግቢ ውስጥ፣ በዚያ በደብረ ብርሃን ነፋስ፣ ወረቀት በአንድ እጅ ይዞ ማንበብ አይሆንም፤ ወረቀቱ ሲገለበጥ ዓይንሽ መስመር ይስታል፣ ከኋላ የቆመውም አይሰማሽም። ክፍል ውስጥ አስገቢያቸው፣ ወረቀቱን በጠንካራ መደገፊያ ላይ ቆንጥጠሽ በደረትሽ ልክ ያዢው፤ ወደ ታች ካጎነበስሽ ድምፅሽ ወለል ላይ ይቀራል። ከአሥር አሥራ አምስት ሰው በላይ በአንድ ጊዜ አትያዢ።

ልኩንም እንንገርሽ። በአሜሪካ የክፍለ ግዛት ፍርድ ቤቶች የአስተርጓሚነት ፈተና ላይ 225 ቃል ያህል ላለው ጽሑፍ የሚሰጠው 6 ደቂቃ ነው። በዚህ ፍጥነት 400 ቃል ያለው ጥቅጥቅ ያለ የውል ገጽ ወደ 11 ደቂቃ ይጠጋል፤ አራት ገጽ ከሆነ ከ40 ደቂቃ ይበልጣል። ያን ያህል ጊዜ ሳያርፉ ሲያነቡ ጥራቱ ይወርዳል፣ የሰሚውም ጆሮ ይዘጋል። ውሉ ደግሞ ለሁሉም ሠራተኛ አንድ ዓይነት ነው። በየሳምንቱ በቃል ከምትተረጉሚው አንድ ጊዜ በጽሑፍ ተተርጉሞ፣ በሌላ ሰው ታይቶ፣ ከእንግሊዝኛው ጋር ተያይዞ እንዲቀመጥ ኃላፊሽን ጠይቂ። በቃል መተርጎም ለአንድ ገጽ ደብዳቤ፣ ለማስታወቂያ፣ በድንገት ለመጣ ወረቀት ይሁን።

ከሠራተኛው የመጣ የአማርኛ ማመልከቻ ለኃላፊው በእንግሊዝኛ ስታነቢ ጉዞው ይገለበጣል፤ ዓይንሽ መጀመሪያ ወደ መጨረሻው ቃል ሄዶ ማሰሪያውን ያምጣ። እዚያ ላይ የሚያሳስተው አድራጊው ያልተጠራበት ግስ ነው። «ተሰደብኩ፣ ተገፈተርኩ» ብሎ የጻፈ ሰው ማን እንደሰደበው ካልጻፈ አንቺም ተቆጣጣሪውን አታስገቢ፣ እንግሊዝኛውም አድራጊ ሳይጠራ ሊቀመጥ ይችላል።

ለመለማመጃ ገንዘብ የሚወጣበት ነገር አያስፈልግሽም። የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ አማርኛውንና እንግሊዝኛውን ጎን ለጎን አትሞ ያወጣል፤ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ፈልጊ። የአማርኛውን ዓምድ በወረቀት ሸፍኚና ከእንግሊዝኛው አንድ አንቀጽ በድምፅ እየተረጎምሽ ስልክሽ ላይ ቅጂው። ስለ ሙከራ ጊዜ ከሚለው ብትጀምሪ ጥሩ ነው፤ 60ውን የሥራ ቀን እዚያው ታገኚዋለሽ። ቀጥሎ ስለ ትርፍ ሰዓት ሥራ የሚለውን ያዢ፤ በ1 ነጥብ 5 እና በ1 ነጥብ 75 የሚባዙትን ክፍያዎች የሚለየው ከምሽቱ 4 ሰዓት እና ከማለዳው 12 ሰዓት ስለሆነ ሰዓትና ቁጥር አንድ ላይ ይፈትኑሻል። ከዚያ ሽፋኑን አንሺና ቅጂውን እያዳመጥሽ ከአማርኛው ዓምድ ጋር አስተያዪ። ቃላቱ አንድ መሆን የለባቸውም። የምትፈልጊው አራት ነገር ብቻ ነው፦ የተዘለለ ቁጥር፣ የወደቀ አሉታ፣ ከ«ይችላል» ወደ «አለበት» ወይም ከ«አለበት» ወደ «ይችላል» የተለወጠ ግስ፣ ከማሰሪያው የተለየ ሁኔታ። ለቃላት ምርጫ ደግሞ የአማርኛውን ዓምድ ተከተዪ፤ የፌዴራል ሕግ ሁለቱ ቅጂዎች ሲለያዩ የሚጸናው አማርኛው ነው። በቀን አንድ አንቀጽ፣ 15 ደቂቃ ይበቃል። የስሕተቱን ዓይነት ከጎኑ በእርሳስ እየመዘገብሽ ብትሄዪ በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ከአራቱ የትኛው እንደሚደጋገምብሽ ይታወቅሻል፤ በሥራ ቦታ ወረቀቱ ሲደርስሽም እርሳስሽ መጀመሪያ እሱን ይፈልግ።